መሰረዝ የመጨረሻው እርምጃ ነው

ዛሬ የምንነጋገረው ሥራ ለመፈለግ ወይም ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ለመቅረብ የተዘጋጀ ሰው በፌስቡክና በመሳሰሉት ላይ የለጠፈውን እንዴት እንደሚያጠራ ነው። ብዙ ሰው ቀጠሮው ሲቃረብ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ይሰርዛል። አንዳንዱም አካውንቱን ጭራሽ ይዘጋዋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መሰረዝ መምጣት ያለበት መጨረሻ ላይ ነውና። ምክንያቱን በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንዲት ወጣት አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ተቀባይነት አግኝታ ለተማሪ ቪዛ ልታመለክት ነው እንበል። ስሟንም ጽጌረዳ እንበላት። የምትሞላው DS-160 የሚባለው ቅጽ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አመልካቹ ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀመባቸውን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጾችና የተጠቃሚ ስሞቹን ይጠይቃል። የይለፍ ቃል አይጠይቅም። በጁን 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተማሪና የልውውጥ ቪዛ አመልካቾች ገጻቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ አስታውቋል። እንግዲህ ጽጌረዳ ፕሮፋይሏን ቆልፋ መገላገል አትችልም። አካውንቷን ዘግታ በቅጹ ላይ «የለኝም» ብትል ደግሞ የባሰ ነው፤ አውቆ በቅጹ ላይ የውሸት መልስ መስጠት ዕድሜ ልክ ቪዛ ሊያስከለክል ይችላል። የተዘጋ አካውንትም ቢሆን በ5ቱ ዓመታት ውስጥ ተጠቅማበት ከነበረ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ መቁጠር ነው። ወረቀት ይዛችሁ የከፈታችኋቸውን ገጾች በሙሉ፣ የድሮ የተጠቃሚ ስሞቻችሁን ጨምራችሁ ጻፉ። የተረሳውን ለማግኘት የኢሜይል ሳጥናችሁ ውስጥ የገጹን ስም ፈልጉ፤ አካውንቱን ስትከፍቱ የተላከው የማረጋገጫ መልእክት ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይገኛል።

ሁለተኛው ቅጂ ማስቀረት ነው። ፌስቡክም ሆነ ኢንስታግራም የለጠፋችሁትን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ የሚያወርድ አገልግሎት በሴቲንግ ውስጥ አለው። ፋይሉ ተዘጋጅቶ እስኪደርስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ስለሚችል በቀጠሮው ዋዜማ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ጥቅሙ ፎቶዎቻችሁን ማዳን ብቻ አይደለም። ነገ ስለ አንድ የጠፋ ጽሑፍ ብትጠየቁ ምን ብላችሁ እንደነበር በትክክል ታውቃላችሁ።

ሦስተኛው ራሳችሁን በባዳ ዓይን ማየት ነው። ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ተውሳችሁ ስማችሁን ፈልጉ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም። ጽጌረዳ በፓስፖርቷ Tsigereda ብትሆን፣ በፌስቡክ Tsigreda፣ በቆየ ኢሜይሏ ደግሞ Tsgereda ልትሆን ትችላለች። በአማርኛም አንዱ በ«ጽ» ሌላው በ«ፅ» ይጽፋታል። ሁሉንም መሞከር ያስፈልጋል፤ አንዱ አጻጻፍ ያልገለጠውን ሌላው ያወጣዋልና።

አራተኛው እርምጃ ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ማረም። ጽጌረዳ ፌስቡክ የከፈተችው ገና ተማሪ ሳለች ነው። ያኔ ለጨዋታ የሥራ ቦታዋን «ፌስቡክ»፣ የምትኖርበትን «ዋሽንግተን ዲሲ» አድርጋ ሞልታለች። ከልብ ጓደኛዋ ጋር ደግሞ ለቀልድ «ተጋብተዋል» ተባብለዋል። እንዲህ ዓይነቱን ቀልድ እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ ቪዛ መርማሪው ግን የሚያየው ሌላ ነገር ነው። ቅጹ ላይ «ያላገባች፣ አዲስ አበባ የምትኖር» የሚል ተጽፏል፤ ፕሮፋይሉ ላይ ደግሞ ባለትዳርና የዋሽንግተን ነዋሪ ናት። ከሁለቱ አንዱ ውሸት መሆኑ ነው። ከማንኛውም ፎቶ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው። ለሥራ ስታመለክቱም እንዲሁ ነው፤ ሊንክድኢን ላይ ያሉት የሥራ ዓመታት ሲቪያችሁ ላይ ካሉት ጋር አንድ መሆናቸውን አረጋግጡ።

አምስተኛው እንግዲህ ማጥፋት ነው፤ እሱም ተራ አለው። ቀድሞ የሚነሳው አደጋ የሚያመጣው ነው፤ የፓስፖርት፣ የዲፕሎማ፣ የመታወቂያና የአውሮፕላን ቲኬት ፎቶ። እነዚህ ለማጭበርበር ስለሚጠቅሙ ቪዛም ሥራም ባይኖር መውረድ አለባቸው። ቀጥሎ ስድብ፣ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን የሚያንቋሽሽ ቃልና የጥቃት ቀልድ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በአለቃና በመሥሪያ ቤት ላይ የተጻፈ ምሬት አለ። ቀሪውን የሠርግ፣ የልደትና የበዓል ፎቶ አትንኩት። ባዶ የሆነ ገጽ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

የራሳችሁን ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ አታቁሙ። ጽጌረዳ ተቀባይነት ማግኘቷን ስትለጥፍ አንዱ ወዳጇ ከሥር «ሄደሽ እንዳትመለሺ!» ብሎ መርቋታል፤ እሷም «አሜን» ብላለች። የአሜሪካ ሕግ የተማሪ ቪዛ አመልካችን ተምሮ እንደሚመለስ እስኪያሳምን ድረስ ሊቀር እንደመጣ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ያቺ አንዲት «አሜን» ከቁም ነገር ልትቆጠር ትችላለች። በራሷ ጽሑፍ ሥር ያለውን አስተያየት ራሷ ማጥፋት ትችላለች። ሌሎች ገጾች ላይ የጻፈችውን ግን በፌስቡክ Activity log ውስጥ ገብታ አንድ በአንድ ነው የምታገኘው። ሌላ ሰው ታግ ያደረጋት ፎቶ ላይ ታጉን ብታነሳ ስሟ ይወጣል እንጂ ፎቶው አይጠፋም፤ እሱን ባለቤቱን መለመን ነው።

ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁና ገጻችሁን ክፍት እንድታደርጉ የሚያስገድዳችሁ ቅጽ ከሌለ ሥራው ይቀላል። ፌስቡክ Limit past posts የሚል ምርጫ አለው፤ ለሁሉም ክፍት የነበሩትን የቆዩ ጽሑፎች በአንድ ጊዜ ለጓደኞች ብቻ ያደርጋል። አንድ ጊዜ ከተጫኑት በኋላ ግን በጅምላ መመለሻ የለውም፤ አንድ በአንድ ነው የሚከፈቱት። ሌሎች ክፍት ገጾች ላይ የሰጣችሁትን አስተያየትም አይነካም።

በመጨረሻ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ፌስቡክ ላይ ወደ Trash የሄደ ጽሑፍ ካልነካችሁት እስከ 30 ቀን እዚያው ይቆያል። ጉግልም ያጠፋችሁትን ለጥቂት ጊዜ በፍለጋ ውጤቱ ላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ገጹ መጥፋቱን ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነፃ ማመልከቻ አለው። ስለዚህ ከቀጠሮው ሁለት ወር ቀደም ብሎ መጀመር ነው። የተጠቃሚ ስም መቀየር ካሰባችሁም ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ቀይሩትና አሮጌውንም አዲሱንም ጻፉ፤ ከሞላችሁ በኋላ መቀየር ቅጹንና ገጹን ያለያያል።

ሌላ ሰው ስክሪንሾት አንስቶ ያስቀረውን ወይም ቴሌግራም ላይ ያሰራጨውን ማንም ሊመልሰው አይችልም። እሱን ይዞ የሚጠይቃችሁ ካለ «እኔ አልጻፍኩም» አትበሉ። መቼ እንደጻፋችሁት፣ ለምን እንዳነሳችሁትና ዛሬ ምን እንደምታስቡ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ።