የሌሊቱ ዳቦና የመስከረም ክፍያ



ዛሬ የምናገረው በመርካቶ ስለሚኖሩ፣ ባለቤታቸው ስላረፉባቸው አንዲት እናት ነው። ኑሯቸው የብዙዎችን ስለሚመስል በምሳሌነት አቀርባቸዋለሁ፤ የገንዘቡም ቁጥር ለስሌት እንዲያመች የተቀመጠ ነው።

ከዕድር የተገኘው ገንዘብ የቀብሩንና የሐዘኑን ወጪ ሸፍኖ አለቀ፤ የሁለት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ግን ቀረ። ስለዚህ እኚህ እናት ማታ 10 ኪሎ ዱቄት በ6 ሊትር ውኃ፣ በእርሾና በጨው አቡክተው ያሳድራሉ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥተው ሊጡን 110 ግራም እየመዘኑ ይድቦለቡሉና 140 ያህል ዳቦ ይጋግራሉ። ንጋት 12 ሰዓት ላይ ዳቦው በምናለሽ ተራ አካባቢ ለሚገኙ ሻይ ቤቶች ይደርሳል።

አንዱ ዳቦ በ10 ብር ቢሸጥና ወጪው ሁሉ ተቀንሶ 2 ብር ቢተርፍ፣ የቀኑ ትርፍ 280 ብር ነው። አሁን በቀን 40 ዳቦ የሚወስድ አንድ ሻይ ቤት የስድስት ቀን ሒሳብ በዱቤ ያዘ እንበል። የተያዘባቸው 2,400 ብር ነው፤ ይህም የስምንት ቀን ተኩል ትርፍ ነው። ዳቦው ሁሉ ተሽጦ ሳለ የዱቄት መግዣ ካጡ፣ ዱቤው ካፒታሉን እየበላው መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ችግር ከጊዜው ይመጣል። የትምህርት ቤት ምዝገባና ክፍያ ከመስከረም በፊት ባሉት ሳምንታት ይደርሳል። ነሐሴ 1 ቀን ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ ሕፃናት ሳይቀሩ ስለሚጾሙ የጠዋት ቁርስ ገበያ ይቀዘቅዛል። ገንዘቡ እጅግ በሚፈለግበት ወቅት ገቢው የሚቀንስበት ምክንያት ይህ ነው።

ታዲያ ሰበካ ጉባኤው ምን ያድርግ? በፍልሰታ ቅዳሴ የሚወጣው በአብዛኛው ቀናት ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ከሚጋገረው ከፊሉን ወደ ቀን አዙረው ለጾም መፍቻ ሰዓት ትኩስ ዳቦ እንዲያቀርቡ መምከር ይቻላል። ለሰንበቴና ለዝክር የሚያስፈልገውን ዳቦ ከእርሳቸው አዝዞ፣ ዋጋውን በርክክቡ ዕለት መክፈልም ይገባል። ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነም፣ ወጪው በነሐሴ እንዲደርሳቸው ቀድሞ የሚወጣለት አባል ተራውን እንዲለዋወጣቸው ከዕቁቡ ዳኛ ጋር መነጋገር ነው።

በመስከረም አንድ ጊዜ የሚሰጥ ርዳታ የዚያን ዓመት ክፍያ ይሸፍናል፤ የሚቀጥለው ዓመት ክፍያ ግን ያው ይጠብቃቸዋል። በየሰንበቱ የሚታዘዝና ሒሳቡ ሳይውል ሳያድር የሚከፈል 40 ዳቦ ግን ከሰኞው ዱቄት ከፊሉን ይገዛል። እንግዲህ በየአጥቢያችን ስንመለስ አስቀድመን የምንጠይቀው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ የሰንበቴያችን ዳቦ ከማን ይገዛል? ሒሳቡስ በስንተኛው ቀን ይከፈላል?