የሸጡት የትኛውን አክሲዮን ነው?

አሜሪካ የምትኖር አንዲት እህታችን የአንድ ኩባንያ አክሲዮን በሁለት ዙር ገዛች እንበል። መጀመሪያ 10 አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ100 ዶላር፤ ከዓመት በኋላ ሌላ 10፣ በ160 ዶላር። በየግዢው 5 ዶላር ኮሚሽን ከፍላለች። ኮሚሽኑ ወጪዋ ላይ ይደመራልና የመጀመሪያው ዙር 1,005፣ ሁለተኛው 1,605 ዶላር ፈጀ።

ዘንድሮ 10 አክሲዮን በ150 ዶላር ሸጠች። የሽያጩ ኮሚሽን 5 ዶላር ሲቀነስ እጇ የገባው 1,495 ነው። አተረፈች ወይስ ከሰረች? መልሱ የሚወሰነው በሸጠችው ዙር ነው። ዝም ካለች፣ የግብር መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ቀድሞ የተገዛው ቀድሞ እንደተሸጠ ይቆጥርና ትርፏ 490 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛውን ዙር ከመረጠች ግን 110 ዶላር ከስራለች። ምርጫዋን ለብሮከሯ መናገር ያለባት የሽያጩ ክፍያ ተወራርዶ ከማለቁ በፊት ነው። ግብር ሲሞላ ማስታወስ ዋጋ የለውም።

ኪሳራ ለማስመዝገብ የቸኮለም ይጠንቀቅ፤ ከሽያጩ በፊት ወይም በኋላ ባሉ 30 ቀናት ውስጥ ያንኑ አክሲዮን ከገዛ፣ ኪሳራው ለጊዜው አይያዝለትም።

ዲጂታል ሳንቲም የምትሸጡም ስሌታችሁ ተመሳሳይ ነው። ከ2025 ጀምሮ ግን የእያንዳንዱ ዋሌት ግዢ ለየብቻው ስለሚሰላ፣ የየዋሌቱን ደረሰኝ ለይታችሁ ያዙ።