ንቧን አይንኩብኝ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የጉባኤው አዘጋጆች በዓርማና በመሪ ቃል መካከል ስላለው ግንኙነት እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ጉዳዩን በጠቅላላው ከማተት ይልቅ በእጄ የምትገኘውን አንዲት ደብዳቤ ይዤ መቅረብን መረጥሁ። ደብዳቤዋን የጻፉልኝ በጦር ኃይሎች፣ ከሆስፒታሉ ወደ ቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ በሚወስደው መንገድ ዳር አነስተኛ የማር መሸጫ ሱቅ ያላቸው እናት ናቸው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈለጉም፤ ቃላቸውን እንዳነብላችሁ ግን ፈቅደውልኛል። እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለወንድሜ። ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የሠሩልኝ ዓርማ ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ እንጀራ ሆኖኝ ቆይቷል። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ከንቧ ሥር ያለውን ‹የጎጃም ንጹሕ ማር› የሚለውን ጽሑፍ ይለውጡልኝ። ቀድሞ ማሩን ከጎጃም የሚልክልኝ ወንድሜ ነበር፤ አሁን እርሱ ስለ ደከመ የጎጃሙ አልፎ አልፎ እንጂ ዘወትር አይመጣልኝም። ከማሻም ከባሌም እየገዛሁ እሸጣለሁ። ባለፈው ሰሞን አንዲት ደንበኛ ጠርሙሱን አንሥታ ‹እውነት የጎጃም ነው?› ብትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ ‹ከየአገሩ የተመረጠ ንጹሕ ማር› ብለው ይጻፉልኝ። ንቧን ግን አደራዎን አይንኩብኝ። ፊደል የማይለዩት እንኳ ‹የንቧ ሱቅ› እያሉ ነው የሚመጡት። ሕመምተኛ ሊጠይቁ ከገጠር ለሚመጡትም ሰው መንገድ የሚያሳያቸው በንቧ ነው።»

እኚህ እናት የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ይሁን እንጂ ብዙ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች አንድ ላይ የሚጨፈልቋቸውን ሁለት ነገሮች ለይተው አስቀምጠዋል። መሪ ቃል ስለ ዕቃው አንድ ነገር ይናገራል፤ የተናገረው ደግሞ ዛሬ እውነት ሆኖ ነገ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ንቧ ግን ስለ ጎጃም ምንም አልተናገረችም። ማሩ ከማሻ ቢመጣም ከባሌ ንብ ንብ ናት። ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ በንቧ ፈንታ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ስዬላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ጽሑፉን ብንለውጥም ሥዕሉ ራሱ ‹ጎጃም› ማለቱን ስለማይተው ምልክቱን ሳይነኩ ቃሉን መለወጥ ባልተቻለ ነበር። እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብልን መጀመሪያ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ሥዕሉ አሮጌውን ቃል በሌላ መንገድ ይደግመዋል ወይስ አይደግመውም?

ምልክቱ ሳይናወጥ ቃሉ ሲለዋወጥ በአገራችንም በውጭም አይተናል። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዛሬ በዓለም የሚታወቅበት ‹የአፍሪካ አዲስ መንፈስ› የሚለው ቃል ከድርጅቱ ጋር አብሮ የተወለደ አይደለም፤ በአውሮፕላኖቹ አፍንጫ አጠገብ የሚታየው አንበሳ ግን በዕድሜ እጅግ ይቀድመዋል። በአሜሪካም የናይክ ጫማ ኩባንያን ጭረት ካሮሊን ዴቪድሰን የተባለች ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 በ35 ዶላር ሠራችው፤ ኩባንያው የታወቀበት መሪ ቃል የመጣው በ1988 ማለትም ከ17 ዓመት በኋላ ነው። እነዚህ ግን ቃልና ምልክት ገና ከመጀመሪያው ተነጣጥለው የተቀመጡባቸው ናቸው። የእኛ ሱቅ ነገር እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ምክንያቱም የሚከተለው ነው። ዓርማው የባህላዊውን ቀፎ አፍ ከፊት ለፊት ያሳያል። ቀፎው ረጅምና ድቡልቡል ስለሆነ ከፊት ሲታይ ክብ ነው። የክቡ ላይኛው ሁለት ሦስተኛ እንደ ተጠላለፈ ሐረግ ሆኖ በወፍራም መስመር ተሥሏል። ንቧ ከመሐል ተቀምጣለች። (በነገራችን ላይ አራት ክንፍ አላት፤ በየሱቁ ግድግዳ ላይ ንብ እየተባለ የሚሣለው ባለሁለት ክንፍ ፍጥረት ዝንብ ነው።) የክቡ የታችኛው አንድ ሦስተኛ ግን መስመር የለውም፤ በመስመሩ ፈንታ ፊደላቱ ራሳቸው ጎብጠው ክቡን ይዘጉታል። እንግዲህ ጽሑፉን በእጃችሁ ብትሸፍኑት ቀፎው ከሥሩ የተሰበረ ገንቦ መስሎ ይቀራል። ባለሱቋ ‹ጽሑፉን ለውጥ፣ ምልክቱን አትንካ› ሲሉ፣ ጽሑፉ የምልክቱ ወለል መሆኑን አላስተዋሉም፤ ሊያስተውሉም አይገባቸውም፤ ይህን ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ልኩ እንግባ። በሱቁ ሰሌዳ ላይ ክቡ ከዳር እስከ ዳር 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለጽሑፉ የተተወው የቅስት ርዝመት 63 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ‹የጎጃም ንጹሕ ማር› ዘጠኝ ፊደልና ሁለት ባዶ ቦታ ሲሆን፣ ባዶውን እንደ ፊደል ብንቆጥረው ለእያንዳንዱ ወደ 5.7 ሳንቲ ሜትር ይደርሰዋል። ባለሱቋ የፈለጉት ‹ከየአገሩ የተመረጠ ንጹሕ ማር› ግን አሥራ አምስት ፊደልና ሦስት ባዶ ቦታ ስለሆነ ድርሻው ወደ 3.5 ይወርዳል። በሰሌዳው ላይ ይህም ቢሆን ይነበባል። ችግሩ የሚመጣው በጠርሙሱ ወረቀት ላይ ነው። እዚያ ክቡ 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ በአሮጌው ቃል 3.8 ሚሊ ሜትር የነበረው የአንድ ፊደል ድርሻ በአዲሱ ወደ 2.3 ሚሊ ሜትር ይጠብባል።

በላቲን ፊደል የሚሠሩ ባልደረቦቻችን በዚህ ልክ ብዙም አይቸገሩ ይሆናል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለየው በጎኑ በምትቀጠል ትንሽ ቅጥያ ነው። በሲልክ ስክሪን ሲታተም ቀለሙ ጥቂት ይስፋፋል፤ ያን ጊዜ የ‹ጹ› ቅጥያ ከእግሩ ጋር ተጣብቃ ‹ጸ› ይመስላል፤ ‹ሩ›ም ‹ረ› ወደ መባል ይቀርባል፤ የ‹ጠ› ሦስት እግሮች አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆናሉ። ይህ መድረሱን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም። ጽሑፉን በእውነተኛው ልኩ አሳትሞ፣ ቃሉን ከዚህ በፊት ላልሰማ ሰው ሰጥቶ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል። እኔ ለሦስት ሰዎች ሰጠሁ፤ ሁለቱ ‹ከየአገሩ› የሚለውን ሳይጨርሱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

ፊደሉን ማቅጠን ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የቅጥያዎቹን መጥፋት ከማባባስ በቀር ጥቅም የለውም፤ ክቡም ከሥሩ ይሳሳል። ቅስቱን ማርዘም ደግሞ ቀፎውን መቁረጥ ማለት ነው፤ ይህ አደራውን ማፍረስ ይሆናል። ስለዚህ የቀረው መንገድ ቃሉን ማሳጠር ነበረና፣ ከዘጠኝ ፊደልና ከሁለት ባዶ ቦታ የማያልፍ ቃል ፍለጋ ያዝሁ። በመጨረሻ ‹ምንጩ የታወቀ ማር› የሚለውን ላክሁላቸው። ልኩ ከአሮጌው ጋር አንድ ነው።

ባለሱቋ ወዲያው አልተቀበሉኝም። በሁለተኛዪቱ ደብዳቤያቸው «‹ንጹሕ›ን ለምን አወጡብኝ? ሰው የሚፈራው ስኳር የተቀላቀለበትን አይደለምን?» ሲሉ ሞገቱኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ ማርን በስኳር ማብዛት በገበያችን የታወቀ ደዌ ነው። እኔም የመለስሁላቸው፣ ስኳር የሚቀላቅለውም ነጋዴ በጠርሙሱ ላይ የሚጽፈው ይህንኑ ‹ንጹሕ› የሚለውን ቃል ስለሆነ ገዢው በንባብ ብቻ ሊለያቸው እንደማይችል ነው። ምንጩን መናገር ግን ሊጠየቁበት የሚችሉት ነገር ነው። ታዲያ ‹ምንጩ የታወቀ› ብሎ ጽፎ ምንጩን አለመንገር ከቀድሞው የባሰ ሐሰት ይሆናል። በዚህም ምክንያት ከዓርማው በታች በወረቀቱ ላይ አንድ ባዶ መስመር ጨመርሁ፤ በእርሱ ላይ ‹ማሻ›፣ ‹ባሌ› ወይም ‹ጎጃም› እያሉ በእጃቸው ይጽፉበታል። ማሩን ከየት እንደ ገዙ በደብተር የሚይዙ መሆናቸውን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው ይህን ያደረግሁት፤ ደብተር ባይኖራቸው ኖሮ ቃሉን አልሰጣቸውም ነበር።

ለወደፊቱ ደግሞ ሌላ ቃል ያስፈልጋቸው ይሆናል። ስለሆነም በሁለተኛ ሥዕል የክቡን ታች በዚያው በሐረጉ መስመር ዘግቼ፣ ያለ አንዳች ጽሑፍ የቆመ ቀፎ ሠራሁላቸው። ይህን ማድረግ ‹መንካት› ይሆን እንደሆነ ለማወቅ ሁለቱን ሥዕሎች በሰሌዳው ልክ በወረቀት አሥዬ ከመንገዱ ማዶ ሆነን ተመለከትናቸው። ከዚያ ርቀት ጽሑፉ እንደ ጥቁር መስመር ብቻ ስለሚታይ ባለሱቋ ራሳቸው ለይተው ሊነግሩኝ አልቻሉም። ባለጽሑፉ ለሰሌዳና ለጠርሙስ፣ ጽሑፍ አልባው ለማኅተምና ለከረጢት እንዲሆን ተስማማን።

ጽሑፍ አልባው ሥዕል ሌላም ጥቅም አለው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክትን በቃልም በሥዕልም ወይም በሁለቱ ጥምረት መመዝገብን ይፈቅዳል፤ ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። በጥምረት የተመዘገበ ሰው ቃሉን በለወጠ ቁጥር የሚጠቀምበት ዓርማ ከመዝገቡ ይለያል። ሥዕሉን ብቻ ያስመዘገበ ግን ከሥሩ የሚጽፈውን እንደ ጊዜው ሊለውጥ ይችላል። ከዚህም በላይ አዋጁ ስለ ዕቃው መገኛ ሕዝብን የሚያሳስት ምልክት እንዲመዘገብ አይፈቅድም፤ የማሻን ማር ይዞ ‹የጎጃም› የሚለውን ማስመዝገብ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ባለሱቋ እስከዚያ ጊዜ ምንም አላስመዘገቡም ነበርና ማመልከቻቸውን በንቧና በቀፎው ብቻ እንዲያቀርቡ መከርኋቸው።

የቀረው የአሮጌው ወረቀት ጉዳይ ነበር። ወደ አራት መቶ የሚሆን ‹የጎጃም ንጹሕ ማር› የሚል የታተመ ወረቀት በመሳቢያቸው ተቀምጦ ነበር። ልጃቸው እንዲጣል መከረ፤ እርሳቸው ግን ገንዘብ የወጣበት ነው ብለው እንቢ አሉ። ወንድማቸው አሁንም አልፎ አልፎ ጥቂት ጣሳ ስለሚልክላቸው፣ ያን ወረቀት በእርሱ ማር ላይ ብቻ ይለጥፉታል። ባለፈው ወር ሱቃቸው ጎራ ብዬ ስጠይቃቸው ወደ ሰባ ያህል ቀርተው ነበር።