90 ደቂቃን በ500 ሜጋባይት፦ የቪዲዮ ቢትሬት አሰላል



ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ላይ ላዩን ሲታይ ከአንድ ማካፈል አያልፍም። የ90 ደቂቃ ትምህርት በቪዲዮ ተቀርጿል እንበል፤ የሚጫንበት ድረ ገጽ ግን ከ500 ሜጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ገደቡን በጥቂቱም ቢሆን ብናልፍ ከረጅም የመጫን ጊዜ በኋላ ፋይሉ ይመለስብናል። ከልክ በላይ ብናሳንሰው ደግሞ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቀመር ለተማሪው አይነበብም። የምንፈልገው ከገደቡ በታች ሆኖ ወደ ገደቡ የተጠጋ ፋይል ነው።

ቢትሬት ማለት ለአንድ ሰከንድ የሚመደብ የቢት ብዛት ነው። የጀሪካኑ ይዘትና የሚሞላበት ጊዜ ከታወቀ የቧንቧው ፍሰት ይታወቃል፤ የፋይልም ነገር እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ርዝመቱን በሰከንድ እንጠይቅ፦

```
ffprobe -v error -show_entries format=duration -of csv=p=0 in.mp4
```

መልሱ 5400 ነው እንበል። 500 ሜጋባይት 500,000,000 ባይት ነው፤ አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 4,000,000,000 ቢት ይሆናል። ይህን ለ5400 ስናካፍል በሰከንድ 740,740 ቢት፣ ማለትም 740 ኪሎቢት ገደማ እናገኛለን።

ይህ ግን የጠቅላላው ፋይል እንጂ የምስሉ ብቻ ድርሻ አይደለም። ለአንድ ሰው ንግግር በኤኤሲ የተጨመቀ ነጠላ የድምፅ መስመር 64 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ እርሱ ይቀነሳል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሌላ ተቀናሽም አለ። የኤምፒ4 ፋይል የእያንዳንዱን ፍሬም መጠንና ቦታ የሚመዘግብ ማውጫ ይይዛል። በሰከንድ 25 ፍሬም ላለው ቪዲዮ ይህ ማውጫ ከድምፁ ጋር ተደምሮ በሰከንድ ወደ 4 ኪሎቢት ይወስዳል። መጠኑ የሚወሰነው በፍሬሞቹ ቁጥር እንጂ በጥራታቸው አይደለምና፣ ቢትሬቱ ባነሰ ቁጥር የማውጫው ድርሻ እየገነነ ይሄዳል። ለምስሉ 672 ኪሎቢት ይቀራል። እኔ ለጥንቃቄ አንድ በመቶ ያህል ተውኩና 665 ያዝኩ።

ቁጥሩን ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ጨማቂው እንዲያከብረው ማድረግ ሌላ ነው። ቋሚ ጥራት የሚባለው አሠራር የሚጠብቀው ጥራትን ስለሆነ መጠኑን አስቀድሞ አይነግረንም። በአንድ ዙር ብቻ የሚጨምቅም ወደፊት የሚመጣውን ሳያውቅ ይመድባል፤ እንግዶቹን ሳይቆጥር ወጥ እንደሚያወጣ አስተናጋጅ መሆኑ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር ቪዲዮው ይጠናል፣ በሁለተኛው ይጻፋል፦

```
ffmpeg -y -i in.mp4 -c:v libx264 -b:v 665k -pass 1 -an -f null /dev/null
ffmpeg -i in.mp4 -c:v libx264 -b:v 665k -pass 2 -c:a aac -b:a 64k -ac 1 out.mp4
```

የሚጠበቀው ውጤት 494.8 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። መጠንን የሚገድብ `-fs` የሚባል አማራጭም አለ፤ እርሱ ግን ፋይሉ ሲሞላ መጻፉን ያቆማል እንጂ ቪዲዮውን አያሳንስም። የትምህርቱ መጨረሻ ተቆርጦ ይቀራል።

ውጤቱ ከተጠበቀው ቢለያይ ልዩነቱን አካፍላችሁ እዩት፤ ስሕተቱ የት እንዳለ ራሱ ይናገራልና። ፋይሉ የተጠበቀው አንድ ስምንተኛ ከሆነ ባይት ወደ ቢት አልተቀየረም። አምስት በመቶ ያህል ከበለጠ ሜጋባይቱ በ1000 ፋንታ በ1024 ተቆጥሯል፤ በዚያ አቆጣጠር 500 ሜጋባይት 524,288,000 ባይት ነው። ድረ ገጹ በየትኛው እንደሚቆጥር ካልታወቀ ትንሹን መያዝ ይሻላል። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ከሆነ የበለጠው አብዛኛውን ጊዜ ማውጫው ተረስቷል ማለት ነው።

ስሌቱ ትክክል ሆኖም ምስሉ ሊበላሽ ይችላል። 1920 በ1080 የሆነ ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ሲሄድ፣ 665 ኪሎቢት ለአንድ ነጥብ 0.013 ቢት ገደማ ያደርሰዋል። ቆሞ የሚታይ ስላይድ ይህን ይችለዋል፤ መምህሩ እየተንቀሳቀሰ በጠመኔ ሲጽፍ ግን ምስሉ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይበታተናል። ወደ 1280 በ720 ብናወርደው ድርሻው 0.029 ይሆናል። ፊደሉ ትንሽ ቢያንስም ጠርዙ ንጹሕ ስለሚሆን እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ። ይህም ካልበቃ ትምህርቱን በዕረፍቱ ላይ ለሁለት መክፈል ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ የ45 ደቂቃ ፋይል በጠቅላላው 1,481 ኪሎቢት ያገኛል።