በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ያሉት ሁለቱ የስኳር ቁጥሮች

(ለሰበካ ጉባኤ የበጎ አድራጎትና የጤና ኮሚቴ አባላት ከቀረበ ገለጻ)



ዛሬ የምንመለከተው ጉዳይ ጠባብ ነው። ቤት ለቤት እየሄዳችሁ ሕሙማንን ስትጠይቁ በምትይዙት መዝገብ ላይ «ስኳር» በሚለው ዐምድ ሥር የአንዱ ሕመምተኛ ውጤት 162፣ የሌላው 9.4 ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው የመጀመሪያው ሕመምተኛ ስኳር እጅግ የበዛ፣ የሁለተኛው ደግሞ ያለቀ ይመስለዋል። እውነቱ ግን 9.4 የተባለው ሰው ስኳር ከ162ቱ በጥቂቱ ይበልጣል። ልዩነቱ የመጣው ከመለኪያው እንጂ ከደሙ አይደለም።

በአገራችን በአብዛኞቹ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የደም ስኳር የሚጻፈው በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፤ በወረቀቱም ሆነ በመሣሪያው ላይ mg/dL ተብሎ ይታያል። አሜሪካና እስራኤልም በዚሁ ይጠቀማሉ። እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ስዊድን ግን በሚሊሞል በሊትር ይጽፋሉ፤ ምልክቱ mmol/L ነው። ስለዚህ ከለንደን ወይም ከቶሮንቶ ለወላጅ የተላከ የስኳር መለኪያ፣ ወይም እዚያ ታክሞ የተመለሰ ሰው የያዘው ወረቀት፣ ጤና ጣቢያችን ከሚጽፈው ጋር በቁጥር አይገናኝም።

ሁለቱ መለኪያዎች የሚለያዩበትን ምክንያት ለመረዳት የጧፍ ግዢን እናስብ። ጧፍ በኪሎ ሊገዛ ይችላል፣ በደርዘን ተቆጥሮም ሊገዛ ይችላል። ሚሊግራም እንደ ኪሎው ነው፤ በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ስንት ይመዝናል ብሎ ይጠይቃል። ሚሊሞል ደግሞ እንደ ደርዘኑ ነው፤ የስኳሩ ቅንጣቶች ስንት ናቸው ብሎ ይቆጥራል። ሞል ማለት የኬሚስቶች ደርዘን ነው፤ ቁጥሩ እጅግ ግዙፍ ከመሆኑ በቀር አሳቡ ያው ነው። ከኪሎ ወደ ደርዘን ለመሻገር አንድ ደርዘን ጧፍ ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ይበቃል። ለደም ስኳርም፣ ማለትም ለግሉኮስ፣ የአንዱ ሞል ክብደት 180 ግራም ነው። ይህም አንድ የግሉኮስ ቅንጣት ከያዛቸው 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን የሚገኝ ድምር ነው፤ 72 እና 12 እና 96።

እንግዲህ አንድ ሚሊሞል ግሉኮስ 180 ሚሊግራም ይመዝናል። ዴሲሊትር ደግሞ የሊትር አንድ ዐሥረኛ ነው። በዴሲሊትር የተለካውን ወደ ሊትር ለማምጣት በ10 እናበዛለን፤ ሚሊግራሙን ወደ ሚሊሞል ለመለወጥ ለ180 እናካፍላለን። በ10 አብዝቶ ለ180 ማካፈል በአንድ ጊዜ ለ18 ከማካፈል ጋር አንድ ነው። ልታስታውሱት የሚገባው ቁጥር ይኸው 18 ነው።

```
mg/dL ÷ 18 = mmol/L
mmol/L × 18 = mg/dL
```

ወረቀትና እርሳስ ሳይያዝም ይሠራል። በ18 ለማብዛት ቁጥሩን በ20 አብዝቶ ከተገኘው ላይ ዐሥረኛውን መቀነስ ነው። 9.4 በ20 ሲበዛ 188 ይሆናል፤ ዐሥረኛው 19 ያህል ነው፤ ሲቀነስ 169 ይቀራል። ለ18 ለማካፈል ደግሞ መጀመሪያ በግማሽ መክፈል፣ ከዚያም ለ9 ማካፈል ነው። 126 ሲገመስ 63፣ 63 ለ9 ሲካፈል 7።

አሁን ነገሩ በቤት ውስጥ የሚያስከትለውን እንመልከት። አንድ አረጋዊ መሪጌታ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው እንበል። በየወሩ ጤና ጣቢያ ይታያሉ፤ በደብተራቸው ላይ 148፣ 155፣ 162 ተጽፏል። ባለሙያው «ከ70 በታች ከወረደ ቶሎ ስኳር ይውሰዱ» ብሎ ነግሯቸዋል፤ ትክክለኛ ምክር ነው። በለንደን የምትኖር ልጃቸው መለኪያ ላከችላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ ጣታቸውን ወግተው ሲለኩ መሣሪያው 9.4 አሳየ። ባለቤታቸው 70 የሚለውን ስለሚያስታውሱ ይደነግጡና ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ያጠጧቸዋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መሣሪያው 14.2 ይላል፤ አሁንም ከ70 በታች ነውና ሌላ ብርጭቆ ይመጣል። 9.4 በ18 ሲበዛ 169 ነው፤ 14.2 ደግሞ 256 ነው። መሪጌታው ከመነሻው ከፍ ባለው ስኳር ላይ ስኳር እየተጨመረባቸው ነበር።

በዚህ ቤት ስሕተቱን ሊገልጡ የሚችሉ ሁለት ምልክቶች ነበሩ። አንደኛው ሰውየው ራሳቸው ናቸው። የደም ስኳሩ በእውነት 9 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ መሣሪያ አያነብም፤ ራሱን ስቶ ይገኛል። ሁለተኛው ነጥቡ ነው። በቤት መለኪያዎች ላይ በሚሊግራም የሚወጣ ውጤት ሙሉ ቁጥር ነው፤ በሚሊሞል የሚወጣው ግን ነጥብና ከነጥቡ በኋላ አንድ አኃዝ አለው። ስለዚህ ነጥብ ካያችሁ ሚሊሞል ነው ብላችሁ ጀምሩ፤ ከዚያም በመስኮቱ ጥግ በትናንሹ የተጻፈውን ምልክት አንብባችሁ አረጋግጡ።

ነጥቧ ግን ትንሽ ናት፤ ዐይናቸው ለደከመ ሰዎች ደግሞ ጨርሶ ላትታይ ትችላለች። ከሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ነው፤ ነጥቧ ስትጠፋ የሚቀረው ቁጥር እውነተኛ መስሎ ይታያልና። 5.6 በጾም ለተለካ ሰው መልካም ውጤት ነው፤ በሚሊግራም 101 ያህል ይሆናል። ነጥቧ ካልታየች ግን 56 ተብሎ ይነበባል፤ ይህም አስቸኳይ ስኳር የሚያሻው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። በተቃራኒው 12.6 ነጥቧ ስትጠፋ 126 ይሆንና «ደኅና ነው፣ ትንሽ ከፍ ብሏል» ያሰኛል፤ እውነቱ ግን 227 ነው። በመዝገባችሁ ላይ ከሌሎቹ ቀናት ጋር የማይስማማ ቁጥር ስታዩ መሣሪያውን አስመጥታችሁ ራሳችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ያለፉትን ውጤቶች ያስቀምጣሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስገባ። በውጭ ያሉ ልጆች መለኪያ ሲልኩ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ማሸጊያ ስትሪፕ ጋር ነው። ስትሪፑ ለዚያ መሣሪያ ብቻ የተሠራ በመሆኑ ሲያልቅ እዚህ ላይገኝ ይችላል። ልጆቹን የምታገኟቸው ከሆነ በአገር ውስጥ ስትሪፕ የሚገኝለትን፣ ሲቻልም mg/dL የሚያሳየውን እዚሁ ቢገዙላቸው ይሻላል በሏቸው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች መለኪያቸው በፋብሪካ የተወሰነ ስለሆነ ተጠቃሚው ሊለውጠው አይችልም።

ወደ ስሌቱ እንመለስ። አንዳንዶች 18 ትክክለኛው ቁጥር ነው ወይስ የተጠጋጋ ብለው ይጠይቃሉ። ጥቂት ተጠጋግቷል፤ ጠንቅቆ ሲሰላ 18.016 ያህል ነው። ለእኛ ሥራ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. ለቤት መለኪያዎች ያወጣው መስፈርት ስኳሩ 100 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ከውጤቶቹ 95 በመቶው ከላቦራቶሪው ልኬት በ15 በመቶ ውስጥ እንዲገኙ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ መሣሪያው 169 ያለው ሰው በላቦራቶሪ 150ም 185ም ሊገኝ ይችላል። ጤና ጣቢያው 162፣ የቤቱ መለኪያ 9.4 ቢሉ ተጣልተዋል ማለት አይደለም፤ ይስማማሉ። ጣት ሳይታጠብ ቢለካና በጣቱ ላይ የማር ወይም የፍሬ ቅሪት ቢኖር ግን ከዚህ የበለጠ ስሕተት ይመጣል።

ለመዝገባችሁ አራት ጥንዶችን ብታውቁ ይበቃል። 70 ሚሊግራም 3.9 ሚሊሞል ነው፤ ከዚያ በታች ዝቅተኛ ይባላል። 100 ደግሞ 5.6 ነው፤ በጾም የተለካ ጤናማ ሰው ከዚህ በታች ይገኛል። 126 ልክ 7.0 ነው፤ የጾም ስኳር እዚህ ሲደርስና በሌላ ቀን ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር ሕመም ይባላል። 200 ደግሞ 11.1 ነው፤ ጥማት፣ ሽንት ማብዛትና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው በማናቸውም ሰዓት ተለክቶ እዚህ ከደረሰ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት። ጾም ያልነው በላቦራቶሪው ቋንቋ ነው፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውኃ በቀር ምንም ሳይቀመስ ማለት ነው። በወረቀቱ ላይ ኤፍ.ቢ.ኤስ ተብሎ ይጻፋል።

ስትመዘግቡ በመሣሪያው ላይ ያያችሁትን ቁጥር ከነምልክቱ እንዳለ ጻፉ፤ የለወጣችሁትን በአጠገቡ በቅንፍ አኑሩ። «9.4 mmol/L (169 mg/dL)» ተብሎ የተጻፈውን ባለሙያው በአንድ እይታ ይረዳዋል፤ ስሌቱ ቢሳሳት እንኳ የመጀመሪያው ቁጥር አልጠፋም። ምልክት የሌለበትን ቁጥር ግን በግምት አትለውጡ። 24 ተብሎ ብቻ የተጻፈ ውጤት በሚሊግራም ከሆነ ለሞት የሚያሰጋ ዝቅታ ነው፤ በሚሊሞል ከሆነ 432 ነው። ይህን ሰው ሄዶ ማየትና እንደገና መለካት እንጂ ሌላ መንገድ የለም። ላብ ያሰመጠው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ አነጋገሩ የተደናገረበት የስኳር ሕመምተኛ ካገኛችሁ ስሌት አትጀምሩ፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር ስጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳትሰጡ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።

በመጨረሻም 18 ለግሉኮስ ብቻ ነው። የቀጭኑና የወፍራሙ ጧፍ ደርዘን ክብደታቸው እንደሚለያይ ሁሉ የኮሌስትሮልም ሞል ከግሉኮስ ይከብዳል፤ በዚያው ወረቀት ላይ ያለውን የኮሌስትሮል ውጤት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ቁጥር 38.7 ያህል ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው ግን ኤች.ቢ.ኤ.ዋን.ሲ የሚባለው የሁለትና የሦስት ወር አማካይ ምርመራ ነው። እዚህ በመቶኛ ይጻፋል፤ እንግሊዝ አገር ግን mmol/mol ይጻፋል። ከለንደን የመጣ ወረቀት ላይ 53 mmol/mol ብታዩ በ18 አብዝታችሁ 954 እንዳትሉ፤ እርሱ በእኛ ወረቀት 7 በመቶ የሚባለው ነው። ይህ የደም ስኳሩን መጠን ሳይሆን ስኳር የተጣበቀበትን የሄሞግሎቢን ድርሻ ስለሚለካ ስሌቱ ሌላ ነው፤ ወረቀቱን እንዳለ ለጤና ጣቢያው ባለሙያ አሳዩት።