«ልጄ» ያልሁት ሰው

የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ምሩቃን፤

ሠላሳ ዓመት ያህል በማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሌላውን ሰው ጽሑፍ ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና፣ ከዚህ አትሮንስ ፊት ቆሜ ስለ ሊቅነት ብናገር ለእኔም አያምርብኝ፣ ለእናንተም አይጠቅማችሁ፤ ስለዚህ የአራሚነት ሥራ ስላስለመደኝ አንድ ክፉ ጠባይ፣ ይኸውም የማላውቀውን ሰው በሰው ፊት ስቃወም አንደበቴ ሳላስበው ወደ ንቀት ስለማዘንበሉ፣ የሆነውን እንደ ሆነ ልነግራችሁ ፈቀድሁ።

ነገሩ በአንድ ጎረቤታችን የልቅሶ ድንኳን ውስጥ ነው። ሦስተኛው ቀን ነበርና ዕንባው ጋብ ብሎ፣ ንፍሮው ዞሮ፣ ሰው ወደ ጨዋታ በተመለሰበት ሰዓት፣ ከወዲያኛው አግዳሚ ወንበር የተቀመጠ፣ ስሙንም ሥራውንም የማላውቀው፣ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ ሰው ስለ ፊደላችን ነገር አነሣ። «ሐና ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ በአማርኛ አነጋገር ከሀ፣ ከሰ፣ ከአና ከጸ የተለየ ድምፅ የላቸውም፤ አምስቱ ሰባት ሰባት መልክ ስላላቸው ሕፃናቱ 35 ምልክት ያለ ሥራ ይሸከማሉና ቢቀሩ ይሻላል» አለ። ድንኳኑ ወዲያው በሁለት ተከፈለ፤ አንዱ «የአባቶቻችንን ቅርስ ሊያጠፋ ነው» ሲል፣ ሌላው «እውነቱን ነው፣ ማን ይለያቸዋል?» ሲል፣ ድምፁ እየጨመረ ሲሄድ፣ እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ልጄ፣ ትንሽ ግዕዝ ብትማር ኖሮ እኮ ይህን አትናገርም ነበር» አልሁት። ሰውዬው ዝም አለ። እኔም ያሸነፍሁ መሰለኝ።

ያችን ዐረፍተ ነገር ማታ በመኝታዬ ላይ ሆኜ በአራሚ ዓይን መረመርኋት። ስድብ የለባትም፤ ሰዋስዋም አልተሳሳተም። ነገር ግን «ልጄ» የምትለው ቃል በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ፍቅር ስትሆን፣ የአርባ ዓመት ሰው ከማያውቀው ሽማግሌ በጉባኤ መካከል ሲሰማት ከመቀመጫው ዝቅ እንደ መደረግ ናት። «ብትማር ኖሮ» የምትለው ደግሞ ክርክሩን ከፊደሉ ላይ አንሥታ ሰውዬው በሚያውቀውና በማያውቀው ላይ ታሳርፈዋለች። «እኮ»ን ይተዉአት አትበሉኝ፤ ሁለት ፊደል ብቻ ብትሆንም፣ በዚህ ስፍራ ስትገባ «ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንተን ብቻ አመለጠህ» ማለት ይሆንላታል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን፣ ሰውዬው ስላነሣው የሕፃናት ሸክም አንዲት ቃል እንኳ አለመመለሴ ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ «አንቺ» ወይም «አንተ» ማለት ቀርቶ «እርስዎ» ቢባል ይበቃል ይል ይሆናል። አይበቃም። «እርስዎን የመሰለ የተማረ ሰው እንዴት እንዲህ ይላል?» ከሚለው አክብሮት ይልቅ ግልጽ ተግሣጽ ይሻላል፤ «ይቅርታ ይደረግልኝና» ብሎ የሚጀምርም ሰው ምን ሊያስከትል እንደሆነ ሰሚው ቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ጆሮውን ሳይሆን ክንዱን ያዘጋጃል። ጥያቄም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ «‘ሠረቀ’ ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ?» ብዬ ብጠይቅ መልሱን እኔ ስለማውቀው ፈተና እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ «ልጆቹን ሲያስቸግር ያዩት የትኛው ነው?» ብል ግን በእውነት የማላውቀውን መጠየቄ ነው፤ ይህንም ልዩነት፣ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ከድምፄ ይለየዋል።

የጉባኤ ቤት ሰዎች ሳይንቁ በመቃወም ይበልጡናል። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር አንዱን ንባብ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ያስከትላል እንጂ የፊተኛውን ትርጓሜ ያመጣው አላዋቂ ነበረ ብሎ አይነሣም፤ ሰሚውም ሁሉንም ይዞ ይሄዳል። «አንድም» ግን ለሁሉ ነገር አትሆንም። በዚያው ድንኳን አንድ ሌላ ሰው «እነዚህ ፊደላት ከጥንት ጀምሮ ድምፃቸው አንድ ነበረ» ብሎ ነበር፤ ይህ አሳብ ሳይሆን የታሪክ ነገር ነውና፣ ሐና ዐ በትግርኛ እስከ ዛሬ ከሀና ከአ ተለይተው እንደሚሰሙ ሳያለባብሱ መንገር ይገባል፤ እውነቱን ለትሕትና ብሎ ማድበስበስ፣ ሰውዬው እውነቱን መሸከም አይችልም ብሎ መገመት ስለሆነ፣ እርሱም ሌላ ንቀት ነው።

በአርባው ቀን ለተዝካሩ ተመልሰን ስንገናኝ፣ ከአጠገቡ ሄጄ ተቀመጥሁና «የዚያን ዕለት ‘ልጄ’ ማለቴ ነውር ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» ካልሁ በኋላ፣ ያን ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት። ለካስ ዐሥራ አራት ዓመት የአንደኛ ክፍል ልጆችን ያስተማረ ሰው ኖሯል! ስለ ፀሐይ ነገረኝ። ልጆቹ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ ብለው በአራት መንገድ ይጽፋሉ፤ እርሱ ሦስቱን በቀይ ይሰርዛል፤ ልጁ ግን በማግሥቱ የሰረዘበትን አጻጻፍ በሱቅ ሰሌዳ ላይ አይቶ ይመጣል። የሰማሁትን በራሴ ቃል መለስሁለትና፣ «እንግዲያ የእርስዎ ክርክር ፊደሉ ይጥፋ ሳይሆን፣ ታላላቆቹ ሳይስማሙ ሕፃኑ ለምን ይቀጣል ነው?» ብለው፣ «ግማሹ እርሱ ነው፤ ግማሹ ግን ይጥፋ ነው» ብሎ ሣቀ። ባልጠይቀው ኖሮ ግማሹን አሳቡን ለእርሱ በጎ ያደረግሁ እየመሰለኝ እሰርቀው ነበር።

ከዚህ በኋላ የእኔን አንድ ነገር ብቻ ተናገርሁ። ብዙ ነበረኝ፤ ዐሥር ማስረጃ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ግን ሰውን ማስረዳት ሳይሆን መቅበር ስለሆነ ዘጠኙን ዋጥሁ። «እኔም በአራሚነቴ መጀመሪያ ልዩነቱን አላውቅም ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. ከታተመው ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ነው ያገኘሁት፤ በግዕዝ በንጉሡ ሠ ‘ሠረቀ’ ፀሐይ ወጣ ነው፣ ምሥራቅም ከእርሱ ይወጣል፤ በእሳቱ ሰ ‘ሰረቀ’ ግን ሌብነት ነው» አልሁት። እርሱም ቶሎ ብሎ፣ «በእሳቱ ሰ ‘ምስራቅ’ ሲባል አንብቦ ሌባ ፍለጋ ወደዚያ የሄደ ሰው አይተዋል?» አለኝ። አላየሁም፤ አላየሁም አልሁት። ለአማርኛ አንባቢ ዐውዱ እንደሚበቃው ተቀበልሁና፣ የቀረኝን ያህል ብቻ ያዝሁ፦ ከአማርኛ ተነሥቶ ወደ ግዕዙ ሥር ለሚወርድ ሰው ፊደሉ የመንገድ ምልክት ነው፣ ቢነቀል መንገዱ ይጠፋበታል። «ወደ ሥሩ የሚወርደው ከመቶው ስንቱ ነው?» አለኝ። «ጥቂቱ» አልሁ። «ታዲያ ስለዚያ ጥቂት፣ የእኔ ስድሳ ልጆች?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም፤ ዝም ማለቴንም አልደበቅሁትም። በዚህ መካከል ጠላ ቀጂው ደረሰ፤ ሰውዬውም ዋንጫውን ተቀብሎ ከራሱ አስቀድሞ ለእኔ አቀበለኝና፣ «ግድ የለም ጋሼ፣ ይጠጡና አንድም ይበሉኝ» አለኝ።