ብዙ ተማሪዎች በአንድ ነገር ሲሳሳቱ

መምህሩ የተማሪዎቹን ድክመት ለማወቅ ፈተና ሰጥቶ፥ ከ50ዎቹ 30ው «0.35 ከ0.4 ይበልጣል» ብለው መለሱለት እንበል። ትምህርቱን እንዳለ ከመድገሙ በፊት የስሕተቱን ምንጭ ይመርምር። ተማሪው 35 ከ4 እንደሚበልጥ ያውቃል፤ ይህንኑ እውቀት ከነጥብ በኋላ ላለው አኃዝ ያለ ቦታው አውሎታል። እኛም «ዜሮ ነጥብ ሠላሳ አምስት» እያልን ስናነብ ስሕተቱን እናጸናለታለን፤ «ዜሮ ነጥብ ሦስት አምስት» ማለት ይሻላል።

ይኸው ተማሪ 0.62 ከ0.5 እንደሚበልጥ ግን በትክክል ይመልሳል። ስለዚህ ፈተናው ብዙ አኃዝ ያለው ቁጥር የሚያንስባቸውን ጥያቄዎች ካልያዘ ስሕተቱ ተሰውሮ ይቀራል።

የማካካሻው ትምህርት ለእነዚህ ለ30ዎቹ ይሰጥ፤ የቀሩት በዚያው ሰዓት ሌላ መልመጃ ይሥሩ። በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቹ የሜትር ዘንግ ይዘው 0.4 ሜትርንና 0.35 ሜትርን ራሳቸው ምልክት ያድርጉ፤ አንደኛው በ40፥ ሁለተኛው በ35 ሳንቲሜትር ላይ ያርፋል። በማግሥቱ ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ ጽፈው አስቀድመው የዐሥረኛውን ቤት፥ ቀጥለው የመቶኛውን ያወዳድሩ። በብርና በሳንቲም ብቻ ማስረዳት አይበቃም፤ 40 ሳንቲምና 35 ሳንቲም ተመልሰው ሙሉ ቁጥር ይሆናሉና። «ዜሮ ጨምር» የሚለውም ደንብ ብቻውን መልስ ያስገኛል እንጂ ማስተዋልን አይሰጥም።

ከሳምንት በኋላ 0.6ንና 0.125ን አቅርቡና ምክንያቱን ጠይቁ። «6 ዐሥረኛ ከ1 ዐሥረኛ ይበልጣል» ያለው ተረድቶታል፤ ምክንያቱን መናገር ያቃተው ግን ወደ ሜትሩ ዘንግ ይመለስ።